ከጠመኔ ስባሪ እስከ «በ»፦ የሞያሌ ሕፃናት የጽሕፈት ዝግጅት

ልጅ እርሳስ ሲይዝ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሦስት ጣቶች ናቸው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት እርሳሱን ከሁለት ወገን ይቆነጥጡታል፤ መሃል ጣት ከሥር ይደግፋል። የቀሩት ሁለቱ ወደ መዳፍ ታጥፈው ወረቀቱ ላይ ያርፋሉ፤ እጁ የሚረጋውም በእነሱ ነው። ይህ አያያዝ በአንድ ጊዜ የሚመጣ አይደለም። ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ሕፃን ከሰል ወይም ጠመኔ ካገኘ በጡጫው ጨብጦ ከትከሻው ጀምሮ ያወዛውዘዋል። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሆነው ጣቶቹ ወደ ጫፉ ይወርዳሉ፣ መዳፉ ግን ወደ መሬት እንደተደፋ ነው፤ መስመሩን የሚስበው ከክርኑ ነው። ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ብዙዎቹ በሦስት ጣት መያዝ ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜም ቢሆን ጣቶቹ ደርቀው ይቆማሉ፣ የሚንቀሳቀሰው የእጁ አንጓ ነው። ጣቶቹ ራሳቸው እየታጠፉና እየተዘረጉ ትንሽ መስመር መሳብ የሚችሉት ከአራት ዓመት ተኩል እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ በአንዳንዱ ልጅ ከዚያም ይዘገያል።

የአምስት ዓመት ልጅ እንግዲህ መንገድ ላይ ያለ ነው። በሞያሌ ይህ ጉዳይ ከሌላው ከተማ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ድንበር የትምህርት ዕድሜንም ይከፍላል። በኬንያው ወገን እ.ኤ.አ. በ2019 በአገር አቀፍ ደረጃ በተጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ልጅ በአራት ዓመቱ ቅድመ መደበኛ አንድ፣ በአምስት ዓመቱ ቅድመ መደበኛ ሁለት ይገባል፤ ስድስት ሲሞላው አንደኛ ክፍል ነው። በኢትዮጵያው ወገን አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ነው። የአንድ ዘመድ ልጆች፣ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ሆነው፣ አንደኛ ክፍል ሲገቡ የአንድ ዓመት ልዩነት አላቸው ማለት ነው። ለጣት ደግሞ በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ነው። በኬንያው ሞያሌ የሚኖር ቤተሰብ የትምህርቱ ዓመት በጃንዋሪ ስለሚከፈት፣ ከኅዳር ጀምሮ ያለውን የዕረፍት ጊዜ ለዚህ ዝግጅት ሊያውለው ይችላል።

ዝግጅቱ ግን እርሳስና ደብተር በመግዛት አይጀመርም። አዲስ ረጅም እርሳስ ለአምስት ዓመት እጅ አይመችም፤ የላይኛው ጫፉ ከባድ ስለሚሆን ልጁ እንዳይወድቅበት በጡጫው ይጨብጠዋል፣ ወይም አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶች ላይ ይጠመጥማል። የሚሻለው ስባሪ ነው። ጠመኔ የባቄላ ፍሬ እስኪያክል ተሰብሮ ሲሰጠው ልጁ በጡጫው ሊይዘው አይችልም፤ የሚያዝበት ቦታ የለውማ። ሳይነገረው፣ ሳይቆጡት፣ በሦስት ጣቱ ይቆነጥጠዋል። እርሳስም ቢሆን ተቀርጾ ተቀርጾ ከአራት እስከ ስድስት ሳንቲ ሜትር ሲቀር የሚጣል ሳይሆን ለትንሹ ልጅ የሚቀመጥ ነው። «እንዲህ ያዝ፣ እንዲህ አትያዝ» እያሉ ጣት በጣት ከማስተካከል ይልቅ የዕቃውን መጠን መለወጥ ብዙ ጊዜ ፈጥኖ ይሠራል።

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት አልታጠፍ ካሉ አንድ የሽልንግ ሳንቲም መፍትሔ ይሆናል። ልጁ ሳንቲሙን በሁለቱ ጣቶች ከመዳፉ ጋር አጣብቆ፣ በቀሩት ሦስቱ ጠመኔውን ይዞ ይሥላል። ሳንቲሙ እስኪወድቅ ድረስ ስንት ክብ እንደሣለ መቁጠር ለልጁ ጨዋታ ነው፤ ለእጁ ደግሞ አንዱ ወገን ረግቶ ሌላው እንዲሠራ የሚያስለምድ ልምምድ ነው።

ጣትን የሚያጠነክሩት ጨዋታዎች በየቤቱ ያሉ ናቸው። ምስር ሲለቀም ልጅ አጠገብ ቢቀመጥና የራሱ እፍኝ ምስር በትሪ ቢሰጠው፣ ጠጠሩን እየለየ አፉ ጠባብ በሆነ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ሲጨምር፣ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ጫፍ ለጫፍ መገናኘትን ይለምዳሉ። ይህ ሲቀለው ከበድ ያለው ይመጣል፦ አምስት ባቄላ አንድ በአንድ እያነሣ በዚያው እጁ መዳፍ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ከዚያ ሌላውን እጁን ሳይጠቀም አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየገፋ ወደ ጣቶቹ ጫፍ አምጥቶ ይጥላል። ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሩን በየጉድጓዱ ሲያድል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የቦረና ልጆችም በጉድጓድና በጠጠር ተመሳሳይ ጨዋታ ይጫወታሉ። ልጁ የገበጣን ሕግ ሙሉ በሙሉ መረዳት አይጠበቅበትም፤ እየዞረ አንድ አንድ ጠጠር ማደሉ ብቻ ይበቃል። ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ካለ ፍሬውና ጠጠሩ ጨዋታው እንዳለቀ ወዲያው መነሣት አለበት፤ ሕፃን ወደ አፉ ይከተዋል።

ጫፓቲ ሲጋገር ከሊጡ ትንሽ ቆርሶ መስጠትም ጥሩ ነው። በመዳፍ ድብልብል ማድረግ ቀላል ነው፤ የሚጠቅመው ግን የሽንብራ ፍሬ የሚያክሉ ድብልቦችን በጣት ጫፍ ብቻ ማሽከርከር ነው። ለእጅ አንጓ ደግሞ ከጠረጴዛ ይልቅ ግድግዳ ይሻላል። ልጅ በዓይኑ ትክክል ባለ የግቢ ግድግዳ ወይም የቆርቆሮ በር ላይ በጠመኔ ሲሥል አንጓው በራሱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፤ ጣቶች በነፃነት የሚንቀሳቀሱትም አንጓው እንዲህ ሲሆን ነው። መሬት ላይ ተደፍቶ የሚሥል ልጅ ግን አንጓውን ወደ ውስጥ ሊያጥፍ ይችላል፤ ያኔ ጣቶቹ ይተሳሰራሉ።

ልጁ ፊደል ለመጻፍ መድረሱ የሚታወቀው ሀ ሁን በቃሉ በመቁጠሩ አይደለም። ፊደል መቁጠር የጆሮና የምላስ ሥራ ነው፤ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር የሚወርድ ልጅ ከመሃል አንዱን ፊደል ነጥለው ሲያሳዩት ሊጠፋበት ይችላል። የእጅን መድረስ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ኪት ቢሪና ኖርማን ቡክቴኒካ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መለኪያ ልጆች ቅርጾችን አይተው የሚገለብጡበት ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ቁም መስመር፣ ከዚያ አግድም፣ ከዚያ ክብ ይመጣል፤ አራት ዓመት ገደማ መስቀል ይከተላል፤ ቀጥሎ አራት ማዕዘንና ጋደል ያለ መስመር፣ በመጨረሻም ሰያፍ መስቀልና ሦስት ማዕዘን። ጋደል ያለው መስመር የሚዘገየው እጅ በአንድ ጊዜ ወደ ታችም ወደ ጎንም መሄድ ስላለበት ነው። መስቀልን ወይም አራት ማዕዘንን አይቶ መገልበጥ ያልቻለ ልጅ ፊደል እንዲጽፍ ቢገደድ የሚያተርፈው የተሳሳተ እንቅስቃሴ ነው፤ ያ ደግሞ በኋላ ለማስለቀቅ ያስቸግራል።

ከዚህ ተነሥቶ የትኛው ፊደል መቅደም እንዳለበት መወሰን ይቻላል። የገበታው ተራ ለንባብ የተሠራ ነው፤ ለእጅ ግን በቅርጽ መሄድ ይቀላል። ክብ የሚችል ልጅ ዐን ይችላል። መስቀል የሚችል ወደ ተ ይቀርባል፣ ክብና ቁም መስመር ሲገናኙ ቀ ይሆናል፣ ክብና አግድም ሲገናኙ ፀ። በና ሀ ቅስት ናቸው፤ አንዱ አፉን ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ የከፈተ። በገበታው ሁለተኛ የሆነው ለ ግን ጋደል ያለ መስመር ስላለው ለእጅ ሁለተኛ መሆን አይገባውም። ይህ አደራረግ ለሞያሌ ልጅ ሌላም ጥቅም አለው። አማርኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድግ ልጅ ፊደልን ከቤት ያገኛል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የሚጻፉበት የላቲን ፊደል ይጠብቀዋል፤ የጎረቤቱ ኦሮምኛም የሚጻፈው በዚሁ ነው። ክብን በደንብ የያዘ እጅ ዐንም o-ንም ይጽፋል፤ መስቀልን የያዘ ተንም t-ንም ይጽፋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚለመደው ፊደል የትምህርት ቤቱን ፊደል አይሻማም፤ ሁለቱም የሚሠሩት ከአንድ ዓይነት መስመር ነው።

ልዩነት የሚመጣው በአቅጣጫ ነው። ቁርአን ቤት የሚሄድ ልጅ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ዐረብኛን ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፣ በትምህርት ቤት ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ። ብዙ ልጆች ይህን ይለምዱታል፣ መነሻው በግልጽ ከታየላቸው። ለፊደልና ለላቲን በትሪው ወይም በወረቀቱ ግራ ጠርዝ ላይ አንድ ባቄላ ይቀመጣል፤ ለዐረብኛ በቀኝ ጠርዝ። ጽሕፈቱ ከባቄላው ይነሣል። ሁለቱን በአንድ የልምምድ ጊዜ ማደባለቅ ግን አይበጅም።

መስመርን እየተከተሉ መጻፍ ወይም መዳሰስ፣ ማለትም ሌላ ሰው በጻፈው ፊደል ላይ በጣት ወይም በእርሳስ መሄድ፣ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም በከፈተችው የሕፃናት ቤት ፊደላቱን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጣ በሰሌዳ ላይ ለጥፋ ልጆች በሌባና በመሃል ጣታቸው እንዲዳስሱ ታደርግ ነበር። በሞያሌ ይህን ለመሥራት ካርቶን፣ ሙጫና የተነፋ አሸዋ ይበቃል፤ ፊደሉ በሙጫ ይጻፋል፣ አሸዋው ይነሰነስበታል፣ ሲደርቅ ይራገፋል። ሻካራው ለጣት ምልክት ነው፤ ጣቱ ከመስመሩ ሲወጣ ልጁ ራሱ ያውቀዋል፣ ማንም አይነግረውም።

ሁለተኛው መሣሪያ አሸዋ የተነሰነሰበት ትሪ ነው። አሸዋው ስስ መሆን አለበት፤ በጣት ሲገፋ የትሪው ወለል መታየት አለበት፣ ካልታየ ብዙ ነው። ትሪው ለተመልካቹም የሚናገረው ነገር አለ። ጣት አሸዋ ላይ ሲሄድ አሸዋውን እየገፋ ይሄድና በመጨረሻው ጫፍ ላይ ትንሽ ክምር ይተዋል። እናት ወጥ ስታማስል ቆይታ ብትመለስ እንኳ ክምሩን አይታ ልጁ መስመሩን ከየት እንደጀመረና የት እንደጨረሰ ማወቅ ትችላለች። የበ እግሮች ላይ ክምሩ ከታች ከሆነ ልጁ ከላይ ወደ ታች ሄዷል፣ ትክክል ነው። ክምሩ ከላይ ከሆነ ከታች ወደ ላይ ጽፏል ማለት ነው፤ ቅርጹ ቢያምርም መንገዱ መታረም አለበት።

መንገዱ ከቅርጹ ይበልጣል መባሉ የተጋነነ ሊመስል ይችላል። ልጁ አንድን ፊደል በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ቦታ ከጀመረ ግን እጁ አንድ የጸና ልማድ አይዝም፤ በየጊዜው ማሰብ ይኖርበታል፣ በኋላም በክፍል ውስጥ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ልማዶች ቢያዙ አብዛኛውን ፊደል ይሸፍናሉ፦ ቁም መስመር ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ከግራ ወደ ቀኝ። ክብን ከላይ ጀምሮ ወደ ግራ ማዞርም ይጨመርበታል። ለዐ የትኛውም አዟዟር ይሆናል፤ የላቲኖቹ c፣ a እና d ግን ወደ ግራ መዞርን ስለሚፈልጉ ከመጀመሪያው በአንድ አቅጣጫ ማስለመዱ ይሻላል።

አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በን የምትማርበትን አንድ ሳምንት በምሳሌነት መከተል ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን የአሸዋውን ካርቶን በሁለት ጣቷ ትዳስሳለች፤ ትልቁ ሰው «በ» ይላል፣ እሷም ትላለች። የግራውን እግር ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ጣቷን ታነሣለች፣ ወደ ላይ ትመለሳለች፣ ወደ ቀኝ ተሻግራ የቀኙን እግር ትወርዳለች። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይበቃል። በማግስቱ ትልቁ ሰው በን በጠመኔ በግድግዳው ላይ አንድ ስንዝር ያህል አድርጎ ይጽፋል። ልጅቱ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ ስፖንጅ ውሃ አስነክታ በጠመኔው መስመር ላይ እየሄደች ታጠፋዋለች፤ ስፖንጁ ትንሽ ስለሆነ በጣት ጫፍ ይያዛል። እርጥቡ ሳይደርቅ በደረቅ ጨርቅ ቁራጭ እንደገና ትሄድበታለች። በሞያሌ ሙቀት ምልክቱ ፈጥኖ ይጠፋል፤ ከመጥፋቱ በፊት መድረስ ራሱ ጨዋታ ይሆናል። ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ፣ ምንም መስመር ሳይኖር፣ በጠመኔ ስባሪ ራሷ ትጽፋለች። የሚባክነው ውሃ ከአንድ ሲኒ አይበልጥም።

በሦስተኛው ቀን እርሳስ ይመጣል። በወረቀት ላይ አንድ በ በነጠብጣብ ሙሉ ይጻፍላታል፣ ቀጥሎ የግራው እግር ብቻ፣ ቀጥሎ የመነሻው ነጥብ ብቻ፣ ቀጥሎ ምንም። አራቱም በአንድ መስመር ይሆናሉ፣ ትልቁ ሥራ ደግሞ ያለው በመጨረሻው ነው። ነጠብጣብ የሞላበት ገጽ ማስሞላት ከዚህ ዘዴ ጋር አንድ አይደለም። ነጠብጣብ የሚያገናኝ ልጅ የሚያየው ቀጣዩን ነጠብጣብ እንጂ ፊደሉን አይደለም። ካሪን ጄምስና ላውራ ኤንግልሃርት እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ገና ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆች ፊደልን በነፃ እጅ በመጻፍ፣ በነጠብጣብ ላይ በመሄድና በቁልፍ በመምታት ተለማመዱ። በኋላ ፊደሎቹን ሲያዩ አንጎላቸው ሲመረመር ለንባብ የሚያገለግለው ክፍል ጎልቶ የሠራው በነፃ እጅ ለጻፏቸው ነበር፤ በነጠብጣብ ላይ መሄድ ያንን ውጤት አላመጣም። ጥናቱ ጥቂት ልጆች የተሳተፉበት ነው፤ ይሁንና ውጤቱ በየቤቱ ከሚታየው ጋር ይገጥማል። ደብተሩ በሚያምር ነጠብጣብ የተሞላ ልጅ ባዶ ወረቀት ሲሰጠው «አልችልም» ይላል። ነጠብጣብ ድልድይ እንዲሆን ከተፈለገ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መሻገር ያስፈልጋል።

በሳምንቱ መጨረሻ ልጅቱ ትንሽ ጠማማ፣ አንዱ እግሩ የረዘመ በ ሳታይ ትጽፋለች። በዚህ ጊዜ ባና ቦን ማምጣት ያጓጓል፣ ግን መታገሥ ይሻላል። ሁለቱ የሚለያዩት በየትኛው እግር መርዘም ብቻ ነው፤ ባ ቀኙን ያስረዝማል፣ ቦ ግራውን። የአምስት ዓመት ልጅ አንድን ነገር ወደ ቀኝም ዞረ ወደ ግራ ያው እንደሆነ አድርጎ ያያል፤ ወደ ቀኝ የዞረች ፍየልም ወደ ግራ የዞረችም ያችው ፍየል ናትና። ፊደል ላይ ብቻ ይህ አይሠራም። ባን ቦ፣ b-ን d አድርጎ መገልበጥ እስከ ሰባት ዓመት ገደማ የተለመደ ነው፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። ባና ቦ በተለያየ ሳምንት ቢለመዱ፣ በመካከላቸው ደግሞ በቅርጽ የማይመሳሰል ሌላ ፊደል ቢገባ፣ መደናገሩ ይቀንሳል።

እንቅስቃሴው ትክክል አለመሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። የጣቶቹ አንጓ ነጭ እስኪሆን የሚጫን፣ እርሳሱ ወረቀቱን የሚቀድበት ልጅ ጣቶቹ ገና አልጠነከሩም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ወደ ሊጡና ወደ ግድግዳው መመለስ ያስፈልገዋል። መስመሩ በጣም ፈዞ የሚታይ ከሆነ ጠመኔ ከእርሳስ ይሻለዋል። አውራ ጣቱ እርሳሱን አልፎ በሌባ ጣቱ ላይ የተኛበት ወይም በአራት ጣት የሚይዝ ልጅ ግን፣ ሳይደክመው የሚነበብ ነገር ከጻፈ፣ ይተው። ከሦስት ጣቱ አያያዝ ሌላ እነዚህም የበሰሉ አያያዞች ናቸው፤ በፍጥነትም በጽሕፈት ጥራትም የሚያንሱ ሆነው አልተገኙም። መታረም ያለበት በጡጫ መያዝና አንጓውን ወደ ውስጥ ማጠፍ ነው።

ግራኝ ልጅ ለብቻው ሊታይ ይገባል። በሞያሌ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ቀኝ እጅ የመብላትና ሰላም የመባባል እጅ ነው፤ ልጅም ይህን ይማራል። እርሳስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እጁን እያስለወጡ ማስጻፍ ልጁን ያስቸግረዋል፤ ጽሕፈትንም ሊሸሽ ይችላል። ግራኝ ልጅ እርሳሱን ከጫፉ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ ወረቀቱም የላይኛው ጠርዙ ወደ ቀኝ ጋደል ይበል። እንዲህ ሲሆን የጻፈውን ያያል፣ እጁንም ከመስመሩ በላይ አያጠማዝዝም። ከግራ ወደ ቀኝ ሲጽፍ እርሳሱን ይገፋል፤ በዐረብኛ ግን ይስበዋል፤ ስለዚህ ቁርአን ቤት የሚሄድ ግራኝ እዚያ ቀለል ቢለው አያስገርምም። ግድግዳ ላይ ሲሠራ ደግሞ በቀኝ እጁ እየጻፈ የሚያሳየው ሰው እንቅስቃሴውን ገልብጦ ማሳየት የለበትም፤ ፊደሉ የሚሄድበት መንገድ ለሁለቱም ያው ነው።

ልምምዱ በአንድ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ልጁ ሲደክመው ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ማድረግ ይቻላል። ልጁ ሳይሰለች ማቆም ለነገው ፍላጎት ያተርፋል። ስድስት ዓመት እየተጠጋ አሁንም መስቀልና አራት ማዕዘን መገልበጥ ያልቻለ፣ አንዱ እጁ ከሌላው በግልጽ የሚደክም፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ወረቀቱን ወደ ዓይኑ በጣም የሚያስጠጋ ልጅ ካለ ግን በጨዋታ ብቻ መጠበቅ አይገባም፤ ዓይኑንና እጁን ሐኪም እንዲያየው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ጤነኛው ልጅ ደግሞ በጃንዋሪ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ወይም መምህርቷ ሁለት ነገር ቢነገራቸው ይበቃል፦ ልጁ በየትኛው እጁ እንደሚጽፍ፣ እና የትኞቹን ፊደሎች ሳያይ መጻፍ እንደሚችል።